የቤት ግብሩ በዛባችሁ? መጀመሪያ ልኬቱን እዩ

ቅሬታ ከማስገባታችሁ በፊት ለግብሩ የቤቱ ዋጋ ግምት የተሠራበትን መዝገብ ቅጂ ጠይቁ። ዋጋው የሚሰላው እዚያ ላይ ከሰፈረው ስፋት፣ የግንባታ ዘመንና የቤቱ ደረጃ ስለሆነ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። ሜትር ይዛችሁ ቤቱን በውጭ በኩል ለኩ። 12 በ9 ሜትር የሆነ ፎቅ የሌለው ቤት 108 ካሬ ነው። መዝገቡ 148 የሚል ከሆነ ክፍት በረንዳው እንደ ክፍል ተቆጥሮ፣ ወይም ጸሐፊው አንድ ቁጥር ስቶ ሊሆን ይችላል (ይሄ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል)። ግምቱ በካሬ የተባዛ ከሆነ ከሩብ በላዩ ትርፍ ነው። ልኬቱን በንድፍ አስቀምጡና ከፎቶ ጋር አያይዙት። "ገበያው ቀዝቅዟል" ብትሉ ክርክር ይነሳል፤ 40 ካሬ ግን ማንም መጥቶ ሊለካው ይችላል። የቅሬታ ማቅረቢያውን ቀነ ገደብ ከግብር ማስታወቂያው ላይ እዩ፤ ካለፈ ትክክለኛ ልኬትም ሳይታይ ሊቀር ይችላል።