ለነባር ቴክኒሽያን የተጻፈ የእድገት ድጋፍ ደብዳቤ ለምን አይሠራም? እንዴትስ ይስተካከላል?

አንድ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሽያን ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት ሲጠግን ኖሯል። የጥገና ቡድን መሪ መደብ ማስታወቂያ ወጣና ተወዳደረ። የቅርብ ኃላፊው ሞቅ ያለ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። እድገቱ ግን ለሌላ ሰው ሆነ። እንዲህ ሲያጋጥም ደብዳቤውን አውጥቶ መመርመር ይጠቅማል። ችግሩ ከምልክቱ ይታወቃል።

ምልክት፦ ኮሚቴው «ጎበዝ ነው፤ ግን መምራት ይችላል?» ይላል

ደብዳቤው «ትጉህ፣ ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለ14 ዓመታት ያገለገሉ» የሚል ከሆነ መንስኤው ይኸው ነው። ይህ ለጥበቃውም ለሒሳብ ሠራተኛውም ሊጻፍ ይችላል። የአገልግሎት ዘመኑን ደግሞ ኮሚቴው ከግል ማህደሩ ያገኘዋል።

መፍትሄው ከመጻፍ በፊት የአዲሱን መደብ የሥራ ዝርዝር ከሰው ሀብት መውሰድ ነው። «ያቅዳል»፣ «ያሠለጥናል»፣ «የመለዋወጫ ፍላጎት አጥንቶ ያቀርባል» የሚሉትን ግሶች አስምሩባቸው። ዋና ዋናዎቹን ሦስት ያህል ምረጡ። ለእያንዳንዱ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ሥራ ፈልጉ። ሌላው ይቅር።

ምልክት፦ ደብዳቤው ሰውየውን ባለበት ያስቀረዋል

ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ጥሩ ሠራተኛውን ነው። ጸሐፊው ኦቶክላቩን፣ የማደንዘዣ ማሽኑን፣ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩን ሁሉ መጠገኑን ይዘረዝርና «ያለ እርሳቸው ሥራችን ይቆማል» ብሎ ይጨርሳል። ኮሚቴው ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ከጥገና ክፍሉ ማንሳት ይፈራል።

መንስኤው እያንዳንዱ ታሪክ ማሽኑ ሲነሳ ማለቁ ነው። የቡድን መሪ ሥራ ከዚያ ይጀምራል፦ ለምን ተበላሸ? እንዳይደገም ምን ተደረገ? ማን ምን ተማረ?

የኦክስጅን ኮንሰንትሬተርን እንውሰድ። ማሽኑ ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን ይለይና ኦክስጅኑን ይሰጣል። የአየር ማስገቢያ ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ማሽኑ ይግላል፣ የሚያወጣው ኦክስጅንም ሊቀንስ ይችላል። ከሚያወጣው አየር ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ከ82 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። እንበልና ቴክኒሽያኑ ከሕፃናት ክፍል ተመላልሰው የሚመጡት ማሽኖች ማጣሪያቸው ታጥቦ እንደማያውቅ አስተዋለ። ነርሶቹ ማጣሪያውን በየሳምንቱ እንዲያጥቡ አሳየ። የሚፈርሙበት ቅጽ ማሽኑ ላይ ለጠፈ። እርሱም የኦክስጅኑን መጠን በመለኪያ በየጊዜው እየለካ መዘገበ። ይህን ታሪክ ይዞ «ኮንሰንትሬተሮችን ጠግነዋል» ብሎ መጻፍ ሀብትን መጣል ነው። እንዲህ ይሻላል፦

«መደቡ የመከላከያ ጥገና ማቀድንና ተጠቃሚዎችን ማሠልጠንን ይጠይቃል። ባለሙያው የሕፃናት ክፍል ኮንሰንትሬተሮች የሚመላለሱበትን ምክንያት ከጥገና መዝገብ ለይተዋል። ለክፍሉ ነርሶች የማጣሪያ አያያዝ አሠልጥነው ሳምንታዊ መከታተያ ቅጽ አስጀምረዋል። በቀደመው ስድስት ወር 11 ጊዜ ለጥገና የመጡት ማሽኖች በቀጣዩ ስድስት ወር የመጡት 4 ጊዜ ነው።»

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ መደቡ የሚጠይቀው፣ ቀጥሎ የተሠራው፣ በመጨረሻ የተገኘው ለውጥ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የእናንተን ከራሳችሁ መዝገብ አውጡ።

ምልክት፦ «ይህን በምን አወቃችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል

መንስኤው በግምት የተጻፈ ቁጥር ነው። «ብልሽትን በግማሽ ቀንሰዋል» ከማለት በፊት የጥገና መጠየቂያ ቅጾችን ቁጠሩ። የምታወዳድሯቸው ወቅቶች እኩል ይሁኑ። በመሐል አዲስ ማሽን ተገዝቶ ከነበረ ንጽጽሩ ስለሚዛባ ያንንም ጻፉ። መዝገቡ ካልተሟላ ቁጥሩን ተዉትና የተሠራውን ብቻ ግለጹ፤ የመከታተያ ቅጹን ኮፒ አያይዙ።

ምልክት፦ አንዱ የመደቡ መስፈርት ደብዳቤው ውስጥ የለም

ብዙ ጊዜ በጀት ነው። ቴክኒሽያን በጀት የሚይዝበት ዕድል ስላልነበረው ጸሐፊው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኮሚቴው ግን የጎደለውን ያያል። «በበጀት አስተዳደርም ብቁ ናቸው» ብሎ መሙላት ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰውየውን ያጋልጠዋል። በጣም የሚቀርበውን ሥራ ፈልጋችሁ ወሰኑን ሳትደብቁ ጻፉ፦

«በጀት በቀጥታ አላስተዳደሩም። ሆኖም የክፍሉን ዓመታዊ የመለዋወጫ ዝርዝር በብዛትና በቅድሚያ ለይተው የሚያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። ከፋይናንስ ጋር የሚደረገውን የዕቅድ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእኔ ጋር ቢሠሩ ይሸፍኑታል ብዬ አምናለሁ።»

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጻፉ የምላችሁ ለማገዝ በእርግጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ብቻ ነው።