የውሃ፣ የመብራትና የኪራይ ደረሰኝ ስንመዘግብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ2018 ጥቅምት ላይ የቤታችን የወጪ መዝገብ የውሃ ሂሳብ ከወትሮው እጥፍ ሆኗል አለን። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቧንቧ ያፈስ ይሆናል ብለን በዚያ ፀሐይ ግቢውን ስንዞር ዋልን። ቧንቧው ደህና ነው። ችግሩ እኔ ቢሉን የገለበጥኩበት መንገድ ነበር።

ጠቅላላ ድምሩን ብቻ መገልበጥ

ዓይን ቶሎ የሚሄደው ከታች ወዳለው ትልቅ ቁጥር ነው። የኛ ቢል 442.50 ብር ይላል። ከላይ ግን ሁለት መስመር አለ፤ የወሩ ሂሳብ 228.50፣ ውዝፍ 214.00። ውዝፉን የነሐሴ ወጪ ብዬ ቀድሞ መዝግቤዋለሁ፤ ሳልከፍለው ስለቀረሁ ነው ተሸክሞ የመጣው። ስለዚህ 214 ብር ሁለቴ ተቆጠረ።

አሁን ለየብቻ አምድ አለኝ፤ የወሩ ሂሳብ፣ ውዝፍ፣ የተከፈለ። ወጪ ብዬ የምደምረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ውዝፉ ማጣሪያ ይሆነኛል። ካለፈው ወር ሳልከፍል ካስቀረሁት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከበለጠ ቅጣት ተጨምሯል፣ ወይም የከፈልኩት አልገባልኝም ማለት ነው። ያኔ ደረሰኝ ይዞ መጠየቅ ነው።

የከፈሉበትን ወር የፍጆታው ወር ማድረግ

ቢል ላይ ከአንድ በላይ ቀን ይኖራል። ቆጣሪ የተነበበበት፣ ቢሉ የታተመበት፣ የመጨረሻው የመክፈያ ቀን። እኔ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ቀን አንስቼ እጽፍ ነበር። ለማስታወሻ የሚያስፈልገኝ የመክፈያው ነው፤ ፍጆታውን ለማወዳደር ደግሞ ሁለቱ የንባብ ቀኖች።

እነሱን ስጽፍ ሌላ ነገር ገባኝ። ቆጣሪው ነሐሴ 25 ሲነበብ 412፣ መስከረም 25 ሲነበብ 431 ነበር። 19 ሜትር ኩብ ተጠቅመናል። ያለፈው 16 ስለነበር ጨምረናል ብዬ ነበር። ግን መሃል ላይ ጳጉሜ አለች! 30 ቀን ሳይሆን 35 ቀን ነው። በቀን ሲካፈል ሁለቱም ግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ ከፍ ይላሉ። አጠቃቀማችን ያው ነው።

የመብራት ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ለዚህ አትጨነቁ። የሞላችሁበትን ቀንና ብሩን ጻፉ፤ የመክፈያ ቀን የለውም። ብቻ በአንዱ ወር የሞላችሁት ወደሚቀጥለው ሊሻገር እንደሚችል አስታውሱ።

የኛን ቀን ኤክሴል እንዲተረጉመው መተው

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ቢስተካከል እንኳ፣ የካቲት 30ን 30/06/2018 ብላችሁ ስትጽፉ ሰኔ 30 በፈረንጅ ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/02/2018 ብላችሁ ስትጽፉ ግን በፈረንጅ 30ኛ ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። አንዱ ቀን፣ አንዱ ጽሑፍ። በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ስትሉት ይዘበራረቃል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ሳጥን ቁጥሩን ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ያስጠጋል።

እኔ ዓመቱን አስቀድሜ፣ ከፊቱ ነጠላ ጭረት አድርጌ እጽፋለሁ። ሁሉም ጽሑፍ ይሆናል፤ ሲደረደርም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፤ ጳጉሜም 13 ሆና ትገባለች።

```
'2018-02-30
```

በቴሌብር ከከፈላችሁ መልእክቱ የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ነው። 09/11/2025 ያለው ኅዳር 9 አይምሰላችሁ፤ ጥቅምት 30 ነው። እኔ ለሱ ሌላ አምድ አለኝ፤ አላቀላቅልም።

የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ወር ላይ መጫን

በጥቅምት 28 ለአከራያችን 18,000 ብር ሰጠናት፤ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር። እኔ ጥቅምት ላይ 18,000 ጻፍኩ። በመዝገቡ ጥቅምት አስደንጋጭ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ነፃ ሆኑ። አሁን ደረሰኙን አንድ ጊዜ እመዘግበውና ኪራዩን 6,000፣ 6,000፣ 6,000 አድርጌ በየወሩ አስገባለሁ። መያዣ የሰጣችሁ ከሆነ እሱ ኪራይ አይደለም፤ ስትለቁ የሚመለስ ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ።

በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ደግሞ «ለቤት ኪራይ ተቀብያለሁ» ብቻ ብሎ ያልፋል። አንዴ ጥር ላይ አከራያችን «የጥርን አልሰጣችሁኝም እኮ» አለችኝ። ደረሰኙን አወጣሁ፤ ወር የለበትም። «እማማ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ነው የሰጠነው» ብላት፣ «አቦ፣ እኔ የሁለት መስሎኝ» አለች። ብሩን በስድስት ሺህ ስናካፍለው ሦስት ወር ሆነ፤ ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶውን ሳትዘጋው «ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 ብለሽ ጻፊልኝ» እላታለሁ።