የጨቅላ ሕፃን ሥጋ ከቁመቱ ጋር መመጣጠኑን በፖንደራል ኢንዴክስ እንዴት ማወቅ ይቻላል

ጎንደር ውስጥ ወሊድ ክፍል የሠራ ሰው ይህችን መልስ ያውቃታል። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ሲባል፣ «የጥምቀት ሰሞን ነው ሲስተር፤ ታቦቱ ከመውረዱ በፊት ይሁን ከገባ በኋላ ግን እንጃ» ይመጣል። ሕፃኑ ጥቅምት ላይ ተወልዶ ሚዛኑ 2500 ግራም ቢል ምን እንላለን? ገና የ36 ሳምንት ከሆነ ክብደቱ ደህና ነው። 40 ሳምንት ሞልቶት ከሆነ ግን ማሕፀን ውስጥ ምግብ አንሶታል ማለት ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ደግሞ ዝቅተኛ ክብደት የሚለው ከ2500 በታች ያለውን ስለሆነ፣ ይህ ልጅ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ፖንደራል ኢንዴክስ እዚህ ላይ ይረዳል። ልጁ ለወሩ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለውን ትቶ፣ ሥጋው ከቁመቱ ጋር ይሄዳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ቁጥሩ በመጠኑ ከፍ ማለቱ ባይቀርም፣ የሁለት ሳምንት መሳሳት እንደ ክብደት ሠንጠረዥ አያዛባውም። ዋጋውን የሚያስከፍለን በሌላ በኩል ነው፤ በርዝመቱ።

መጀመሪያ ክብደት

ልጁ ከእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ቆይቶ ከሞቀ በኋላ፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዘን። ጨርቁን አውልቁ፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ክፍሉን አሙቁ። አብዛኛው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ስለሚቀንስ፣ የዛሬን ርዝመት ከሦስተኛ ቀን ክብደት ጋር አታጋቡ።

ከዚያ ርዝመት፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

የሚያስፈልገው የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ነው፤ በራስጌው የማይንቀሳቀስ፣ በግርጌው የሚንሸራተት ጣውላ ያለው። አናጢ አስተካክሎ ከሠራውና ቁጥሩ በትክክል ከተለጠፈ የእንጨቱ ይበቃል። የልብስ ሰፊ ሜትር ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይለጠጣል፤ ከልጁ ሆድና ጉልበት ጋርም አብሮ ይታጠፋል። ልጁን በእግሩ አንጠልጥሎ መለካት ደግሞ ጨርሶ መተው አለበት፤ ልጁንም ይጎዳል፣ ቁጥሩንም ያበላሻል።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ራስጌ ቆሞ የልጁን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ አናቱን ከጣውላው ጋር ያገናኛል፤ የልጁ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይመልከት፣ አገጩ ወደ ደረቱ አይጠጋ፣ ወደ ላይም አይቀና። ይህን ለእናቲቱ ወይም ለአያቲቱ ማስያዝ ይቻላል፤ አሳይታችኋቸው እንጂ ዝም ብላችሁ አታስይዟቸው። ሌላው በአንድ እጁ ጉልበቶቹን በቀስታ ተጭኖ፣ በሌላው ተንሸራታቹን ጣውላ እስከ ተረከዙ ያመጣል። አራስ ልጅ እግሩን አጥፎ የኖረ ስለሆነ እንደ ትልቅ ልጅ ቀጥ አይልም። አታስገድዱት። በጣም ካስቸገረ አንድ እግር ዘርግቶ መለካት ይቻላል። የእግሩ መዳፍ ጣውላው ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ቁጥሩ እስከ ሚሊ ሜትር ይነበባል። ልጁ ተነሥቶ እንደገና ይተኛና ይደገማል። የሁለቱ ልዩነት ከ7 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሁለቱንም ሰርዙና እንደገና ለኩ፤ ካላለፈ አማካዩን ውሰዱ። ምጥ ረዝሞ የልጁ ጭንቅላት ሾጠጥ ብሎ ከወጣ በማግስቱ መድገም ይሻላል፤ ሾጣጣው ርዝመት ይጨምራል።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው ምክንያት አለኝ። ስሌቱ ርዝመቱን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዛል፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ልጅ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ስህተት 2 በመቶ ብቻ ትመስላለች፣ ኢንዴክሱ ላይ ስትደርስ ግን ወደ 6 በመቶ ትሆናለች። በአንድ ጤና ጣቢያ ያየሁት መዝገብ ላይ ከላይ እስከ ታች 50፣ 50፣ 48፣ 50 ነበር የተጻፈው። ሕፃናት እንዲህ በተሞላ ቁጥር አይወለዱም፤ ያ በዓይን የተለካ ነው። ሁሉም 50 ከሆነ ደግሞ ኢንዴክሱ ክብደቱን ለአንድ ቋሚ ቁጥር ማካፈል ብቻ ይሆናል፤ ከሚዛኑ የተለየ ምንም አይነግረንም።

ስሌቱ

ክብደት በግራም × 100 ÷ (ርዝመት × ርዝመት × ርዝመት)፣ ርዝመቱ በሳንቲ ሜትር። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

የጥቅምቱን ልጅ እንውሰድ፤ 2500 ግራም፣ በሰሌዳ 49 ሳንቲ ሜትር። 49 × 49 × 49 = 117,649። 250,000ን ለዚህ ስናካፍል 2.12 ይመጣል። ጊዜው ደርሶ ለተወለደ ሕፃን ቁጥሩ በአብዛኛው ከ2.2 እስከ 3.0 ውስጥ ይወድቃል፤ የታችኛው ድንበር ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ስለዚህ ይህ ልጅ ለቁመቱ ቀጭን ነው። አያቲቱ «ቁመቱ የአባቱ ነው፤ ሥጋው ነው የጠፋው» ብትል ልክ ናት። በሜትር ተለክቶ 47 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያው ልጅ 2.41 ሆኖ ደህና ይባል ነበር።

ርዝመቱ ደህና ሆኖ ሥጋው ሲያንስ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመጣው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምሳሌ የእናቲቱ ደም ግፊት ከፍ ብሎ የእንግዴ ልጁ ምግብ ማሳለፍ ሲያቅተው። ስብ የሚከማቸው በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ነውና።

አሁን ሌላ ልጅ አስቡ፤ 2200 ግራም፣ 45 ሳንቲ ሜትር። ኢንዴክሱ 2.41 ነው፣ ደህና። ልጁ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሥጋውም ቁመቱም አብረው አንሰዋል። ሳይደርስ ተወልዶ ይሆናል፤ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ወራት የጀመረ ኢንፌክሽን ወይም የዘረመል ችግር ሊኖር ይችላል፤ ወይም ወላጆቹ ራሳቸው አጫጭሮች ናቸው። ኢንዴክሱ ብቻውን ይህን ልጅ ያሳልፈዋል። ሁለቱን ዓይነቶች በግድግዳ የተለዩ አድርጎ ማሰብም አይገባም፤ ብዙ ልጆች መሐል ላይ ናቸው።

ክብደት ለርዝመት

ካልኩሌተር የማይወድ ሰው የዓለም ጤና ድርጅትን እ.ኤ.አ. የ2006 ሠንጠረዥ ይጠቀም። የወንዱን ከሴቷ ለይቶ፣ ርዝመቱን ፈልጎ፣ ክብደቱ የትኛው መሥመር ላይ እንደወደቀ ያያል። የጥቅምቱ ልጅ ወንድ ነው፤ በ49 ሳንቲ ሜትር ከ−2 መሥመር በታች ይወድቃል፣ ቀጭን ማለት ነው፤ በ47 ቢሆን −1 ላይ አርፎ ደህና ይባል ነበር። መለኪያው ከተበላሸ ሠንጠረዡም አያድንም ማለት ነው። ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከ45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለትንንሾቹ አይሠራም። እኔ ለደረሱ ልጆች ሠንጠረዡን እመርጣለሁ፤ ለእናትም በጣት ማሳየት ይቻላል።

ቀጭን ሆኖ ከተገኘ

ስብም በጉበቱ ያጠራቀመው ስኳርም ትንሽ ስለሆነ፣ የዚህ ልጅ የደም ስኳር ቶሎ ይወርዳል፤ በጎንደር ሌሊት ብርድም ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይጥባ፤ ቆብ ይደረግለት፣ ከእናቱ ደረት አይለይ፣ የደም ስኳሩ ይለካ። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢዝል ወይም መጥባት ቢያቅተው ሐኪም ወዲያው ይጠራ። መዝገቡ ላይ ከርዝመቱ አጠገብ «በሰሌዳ» ወይም «በሜትር» ብላችሁ ጻፉ፤ በማግስቱ የሚረከባችሁ ሰው ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚያምን ያውቃል።