ወተቱ ኮምጠጥ ብሎ ሸተተ? መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ አፍሉ

የጠዋቱ ጥሬ ወተት ከሰዓት ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካመጣ ሙሉውን ድስት አትጣዱ። ሁለት ማንኪያ ብቻ በትንሽ ድስት አፍሉ። ከተቋጠረና ውሃው ከተለየ የቀረውም እሳት ላይ እንደዚያው ይሆናል። ካልተቋጠረ ሁሉንም ወዲያው አፍልታችሁ ያኔውኑ ጠጡት። ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። ትንሽ አሲድ ወተቱ ቀዝቃዛ ሳለ በዓይን አይታይም፤ ሲሞቅ ግን ፕሮቲኑን ያረጋዋል።

ይህ ሙከራ ግን ፈልቶ ለዋለ ወተት አያገለግልም። ማፍላት የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ሙቀት የሚችሉ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘሮች ግን ይተርፋሉ። ወተቱ ለብ ሲል ነቅተው ይራባሉ። ስለዚህ ሳይኮመጥጥ፣ ሳይሸትም ሊበላሽ ይችላል። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ደግሞ ዳግም ቢፈላም አይጠፋም።

«ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ ናት» እንላለን አይደል? ሌሊቱስ ይሁን፤ ቀን ላይ ግን ጓዳው 4 ዲግሪ ከሆነው ፍሪጅ በጣም ይሞቃል። እኔም ትናንት ጠዋት አፍልቼ ጓዳ የረሳሁትን አንድ ሊትር ዛሬ ምንም ሳይሸት ደፋሁት። አንጀቴ አረረ፤ ግን ልጆች አሉ። ፍሪጅ ከሌላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ አፍሉ።