ከሙሽራው ስም ኋላ የተገኘችው «ቅ»፦ በማክሮ ፓድ ሲያቀናብሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥር ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ጊዜ ለመቆጠብ ባለ ስድስት ወይም ባለ ዘጠኝ ቁልፍ ማክሮ ፓድ የሚባለውን ትንሽ የአቋራጭ ኪቦርድ ሲገዙ አልከለክልም። የሚያበሳጨኝ ፓዷን ያለ አንዳች ጥንቃቄ ሞልተው፣ በኋላ «ዕቃው ተበላሽቷል» እያሉ ወደ እኔ ማምጣታቸው ነው። ዕቃው ደህና ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ስህተት በቁልፎቹ ላይ ነጠላ ፊደል መጫን ነው። በቪዲዮ ማቀናበሪያው በፕሪሚየር Q ከማጫወቻው መስመር በፊት ያለውን የክሊፕ ክፍል ቆርጦ ክፍተቱን ይዘጋል፤ W ደግሞ ከመስመሩ በኋላ ያለውን። ሁለቱም ግሩም ትእዛዞች ስለሆኑ ጀማሪው ወዲያው ፓዱ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ነገር ግን ፓዱ «ቁረጥ» ብሎ አያዝም። ለኮምፒውተሩ እርሱ ሌላ የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ የሚልከው «የQ ቁልፍ ተጫነ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት የአማርኛ መጻፊያው ኪይማን በአማርኛ ላይ ከሆነ Q ማለት «ቅ»፣ W ማለት «ው» ነው።

አንድ ልጅ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ጽፎ እንደ ጨረሰ፣ ከጽሑፍ መሣሪያው ሳይወጣ ፓዱን ሁለት ጊዜ ተጫነ። ክሊፑ አልተቆረጠም፤ ከሙሽራው ስም ኋላ ግን «ቅቅ» ተጨመረ። እርሱ አላየም፣ ሥራው ወጣ፣ መልስ ላይ በትልቅ ስክሪን ታየ። የሙሽራው አጎት ለረጅም ጊዜ ይህን ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ከጽሑፍ መሣሪያው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምንም ነገር አይከሰትም ነበር፤ ፕሮግራሙ «ቅ» የሚባል አቋራጭ አያውቅምና። «ፓዱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚለው ስሞታ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ለማረጋገጥ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቋንቋ ምልክት ተመልከቱ።

መፍትሔው ፓዱ ፊደል እንዳይልክ ማድረግ ነው። በፕሪሚየር Ctrl+Alt+K ስትጫኑ የአቋራጮች መስኮት ይከፈታል። እዚያ ለሁለቱ ትእዛዞች ለምሳሌ Shift+F6 እና Shift+F7 ስጡ፤ ቁልፉ አስቀድሞ ለሌላ ትእዛዝ ተይዞ ከሆነ መስኮቱ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ፓዱ ላይ እነዚህኑ አስገቡ። የF ቁልፎች በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል ስለማይጽፉ የሙሽራ ስም አያበላሹም። Ctrl+Alt ከፊደል ጋር የሚለውን ግን ተዉት፤ ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ ላይ በአንዳንድ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጦች እንደ AltGr ይቆጥራቸዋል። በተጨማሪም Advanced keyboard settings ውስጥ «Let me use a different input method for each app window» የሚለውን ብታበሩ፣ በሌላ መስኮት የቀየራችሁት ቋንቋ ወደ ማቀናበሪያው አይከተላችሁም። በዚያው በማቀናበሪያው ውስጥ በአማርኛ ርዕስ ስትጽፉ ግን ይህ አያድናችሁም።

ፕሮግራም ለመክፈት የሚደረገው ደግሞ የባሰ ነው። ማክሮው የዊንዶውስ ቁልፍን ይጫናል፣ premiere ብሎ ይጽፋል፣ Enter ይመታል። አማርኛ ላይ ከሆናችሁ የሚጻፈው ትርጉም የለሽ የግእዝ ፊደል ክምር ነው፤ ኮምፒውተሩም እሱኑ ኢንተርኔት ላይ ሊፈልግላችሁ ይነሣል። ፕሮግራሙን ታች ባለው አሞሌ ላይ ሰክታችሁ ፓዱ Win+1 እንዲልክ አድርጉ። ካልተከፈተ ይከፍተዋል፣ ከተከፈተ ወደ ፊት ያመጣዋል። ቁጥሩ የሚከተለው በአሞሌው ላይ ያለውን ተራ ስለሆነ አዶዎቹን አትቀያይሩ።

ከመክፈቻው ጋር «አሥር ሰከንድ ጠብቅና የመጨረሻውን ፕሮጀክት ክፈት» የሚል ትእዛዝ የምታያይዙ፣ እባካችሁ ተዉ። ኮምፒውተሩ በዘገየ ቀን ቁልፎቹ ከፊት ባገኙት መስኮት ላይ ይወርዳሉ።

ሌላው የትኛው ክፍል እንደተመረጠ ሳያውቁ Delete መላክ ነው። ታይምላይኑ ላይ ያለ መስሏችሁ ምርጫው ፋይሎቹ በተዘረዘሩበት ክፍል ላይ ከሆነ፣ የሚወገደው ክሊፑ ራሱ ከፕሮጀክቱ ነው። ዋናው ፋይል ዲስኩ ላይ ስላለና Ctrl+Z ስለሚመልሰው አትደንግጡ፤ ቶሎ ማየት ግን ያስፈልጋል። ብዙዎች ለዚህ ከDelete በፊት Shift+3 ያስገባሉ፤ ታይምላይኑን ይመርጣልና። ነገር ግን ታይምላይኑ ቀድሞ ተመርጦ ከነበረና ሁለት ሴኩዌንስ ከተከፈተ፣ Shift+3 ወደ ሌላው ይዘላል። የቤተ ክርስቲያኑን ስትቀንሱ የመልሱን ትቆርጣላችሁ። ስለዚህ ማክሮው አስቀድሞ Shift+5 ይላክ፤ ይህ ወደ ኢፌክት መቆጣጠሪያው ይወስዳል። ከዚያ Shift+3፣ በመጨረሻ ቆርጦ ክፍተቱን የሚዘጋው Shift+Delete። በመካከላቸው 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ክፍተት ስጡ፤ አንዱ ቁልፍ የሚዘለል ከሆነ ወደ 100 አሳድጉት።

Ctrl ወይም Shift ተጭኖ የቀረ ከመሰላችሁ፣ ማክሮው ውስጥ የመጫኛው መስመር ኖሮ የመልቀቂያው ጠፍቶ ይሆናል። ለጊዜው በዋናው ኪቦርድ ላይ ያንኑ ቁልፍ ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ከዚያ ማክሮውን አርሙ።