ሐረር ወይስ ሀረር?

ስለ ጀጎል የተጣደፈ ጽሑፍ ልናወጣ ስንል ዩኔስኮ የመዘገበበት ዓመት አንድ ቦታ 1998፣ ሌላ ቦታ 1999 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። ምዝገባው በጁላይ 2006 ነው። ጸሐፊው ሰባት ቀንሷል፤ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ግን የሚቀነሰው ስምንት ነው። ስለዚህ 1998 ልክ ነው።

የከተማዋ ስም የባሰ አስቸገረኝ። Ctrl+F «ሐረር»ን ሲያሳየኝ «ሀረር»ን ዘለለው። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለየብቻ ፈልጌ አንድ አደረግኳቸው። «ጀጎል» እና «ጁገል»ንም እንዲሁ።

በጽሑፉ ያለውን የብር ድምር ማጣራት ቀረኝ። ርዕሱ ላይ 46,500፤ ዝርዝሩ 18,000፣ 15,500 እና 12,100። ስደምረው 45,600 መጣ። ርዕሱን ላስተካክል እጄን ሰንዝሬ ተውኩት። ድምር ልዩነቱን እንጂ የተሳሳተውን አይናገርም። ደረሰኙ ያለበት ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ።

«የመጨረሻው 13,000 ነው እኮ» አለኝ።

ርዕሱ ልክ ነበር።