የደጋፊ ጩኸት ሲያታልል፦ በድምፅ ሃይላይት ስትፈልጉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ልጅ የቆረጠውን የእግር ኳስ ሃይላይት ላከልኝ። ጨዋታው በአንድ ካሜራ፣ ከመቀመጫዎቹ ላይ ሆኖ የተቀረፀ ነው። ልጁ የድምፁ መስመር ከፍ ብሎ የታየበትን ቦታ ሁሉ እየቆረጠ ሃያ ቁራጭ አወጣ። ሰባቱ የዳኛ ፊሽካ ናቸው። አራቱ ካሜራው አጠገብ የቆመ ሰው ሲያጨበጭብ ነው። ሁለቱ ሰው ሲያልፍ የካሜራውን እግር ሲነካ፣ ስድስቱ ደግሞ የእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ናቸው። በጨዋታው ሦስት ጎል ተቆጥሯል። እሱ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው፣ ያውም ቁራጩ የሚጀምረው ኳሷ መረብ ውስጥ ካረፈች በኋላ ነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶበታል። ግን ይህንን ነገር ከብዙ ሰው አይቼዋለሁ፤ እኔም በጊዜዬ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ የነገርኩትን በሙሉ እዚህ ልጻፈው።

የድምፁን ጫፍ መከተል

እባካችሁ ይህን ተዉ። ኤዲት ስታደርጉ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የድምፅ መስመር ጫፍ የአንዲት ቅፅበት ነገር ነው። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፣ ጫፉን ለመሥራት ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ልኬት ይበቃል። ማይኩ ስር የተጨበጨበ አንድ ጭብጨባ፣ ሜዳውን ተሻግሮ ከሚመጣ የአሥር ሺህ ሰው ጩኸት በላይ ጫፍ ሊሠራ ይችላል። የድምፁ ምንጭ በግማሽ በቀረበ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራላ! ስለዚህ በጫፍ ስትፈልጉ የምታገኙት ማይኩ አጠገብ የነበረውን ነገር ነው። ጎሉ ደግሞ ማይኩ አጠገብ አይገባም።

የደጋፊን ደስታ ከሌላው ድምፅ የሚለየው ቆይታው ነው። ጭብጨባ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የጎል ጩኸት ይነሳል፣ አሥር ሰከንድም ከዚያም በላይ ይቆያል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለጥቂት ሲሳት የሚሰማው «ውይይ!» ደግሞ እንደ ጎሉ በፍጥነት ይነሳና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይፈርሳል። ይህ ሁሉ በጫፍ ላይ አይታይም፣ በአማካይ ጉልበት ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አማካዩን ለመለካት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት በ2010 ባወጣው አር 128 በተባለው መስፈርት የሚሠሩ መለኪያዎች ሁለት ጠቃሚ ቁጥሮች ይሰጣሉ፦ አንዱ የ400 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው የ3 ሰከንድ ድምፅ ጉልበት ነው። `ffmpeg` የተባለው በትእዛዝ የሚሠራ የቪዲዮና የድምፅ ፕሮግራም የመጀመሪያውን `M`፣ ሁለተኛውን `S` ይለዋል። እኔ የምጠቀመው ይህንን ነው፦

```
ffmpeg -i match.mp4 -map 0:a:0 -af "highpass=f=300,lowpass=f=2500,ebur128=metadata=1,ametadata=print:key=lavfi.r128.S:file=S.txt" -f null -
```

ይህ በየ0.1 ሰከንዱ አንድ ቁጥር ይጽፍላችኋል። ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቀንሰው ለነፋስና ለካሜራ እግር ንቅናቄ ነው። ከ2,500 በላይ ያለውን የሚቀንሰው ደግሞ ለፊሽካ ነው፤ የዳኛ ፊሽካ ጉልበቱ ያለው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ። ይዳከማል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የ3 ሰከንድ መስኮት አጭር ድምፅን ይጎትታል። ከአካባቢው 20 ዴሲቤል የሚበልጥ፣ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ የቆየ ምት፣ በ`S` ላይ ወደ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ግን ለሦስት ሰከንድ ይታያል። የምቱ ቁጥር እንደ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ተነስቶ ልክ በሦስተኛው ሰከንድ ይወድቃል። እኔ ከፍታው ቢያንስ ለ4 ሰከንድ ካልቆየ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ለሙሉ ጨዋታው አንድ ወሰን ማበጀት

ልጁ ከላይ ያለውን ከነገርኩት በኋላ እንደገና ሞከረ። በጣም ተሻሻለ፣ ፊሽካውና ጭብጨባው ቀሩ። ግን «ከ-24 ሉፍስ በላይ የሆነውን ሁሉ አውጣ» ብሎ አዘዘ። (ሉፍስ የዚህ መለኪያ አሃድ ነው፣ የአንድ ሉፍስ ልዩነት ከአንድ ዴሲቤል ጋር እኩል ነው።) ምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ጎል የተቆጠረው በ12ኛው ደቂቃ ነው። ሰው ገና እየገባ ነበርና ሜዳው ጸጥ ያለ ነው፤ የአካባቢው ድምፅ -34 ላይ ነው። ጎሉ ሲገባ ጩኸቱ -26 ደረሰ። ለዚያ ሰዓት ትልቅ ጩኸት ነው፣ ግን ወሰኑን ስላላለፈ ጎሉ ቀረ። በሁለተኛው አጋማሽ ከበሮ መጣ። ደጋፊው መዝፈን ጀመረና የአካባቢው ድምፅ ከ-28 እስከ -23 እየወጣ እየወረደ ቆየ። ምንም ሳይፈጠር ወሰኑን በየደቂቃው ያልፋል። በ67ኛው ደቂቃ የገባው ጎል -18 ደርሶ ተገኘ፣ ግን በደርዘን በሚቆጠር የዘፈን ቁራጭ መሀል ተቀብሮ ነበር።

ጩኸት ትልቅ የሚሆነው ከአካባቢው አንፃር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ከራሱ ሰፈር ጋር አወዳድሩት፦

```
base = median(S[max(0, i-600):i+600])
hit = S[i] - base > 6
```

ከእያንዳንዱ ነጥብ ፊትና ኋላ 60 ሰከንድ ወስዶ መካከለኛውን ቁጥር ያወጣል ማለት ነው። አማካይ ሳይሆን መካከለኛ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሃያ ሰከንድ የቆየ የጎል ጩኸት አማካዩን ወደ ላይ ይጎትትና ራሱን በራሱ ያሳንሳል፤ መካከለኛውን ግን ብዙም አያንቀሳቅሰውም። በዚህ ስሌት የ12ኛው ደቂቃ ጎል ከ-34 ወደ -26፣ የ67ኛው ደግሞ ከ-26 ወደ -18 ነው። ሁለቱም 8 ዴሲቤል ከፍ ብለው እኩል ታዩ፣ ዘፈኑ ሁሉ ከወሰኑ በታች ቀረ።

ይህም ቢሆን ገደብ አለው። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ላይ ስታዲየሙን የሞላውን ቩቩዜላ አስታውሱ። እንደዚያ ያለ የማያቋርጥ ድምፅ ሲኖር አካባቢው ራሱ ጣሪያው ጋ ይደርሳልና ጎል ሲገባ የሚጨመረው ትንሽ ነው። ከ6 ወደ 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉና የሚወጣውን በዓይናችሁ ለዩ፤ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁም።

ከጩኸቱ ጫፍ ላይ መቁረጥ

ጩኸት የሆነውን ነገር ተከትሎ የሚመጣ ነው። ደጋፊው አይቶ ነው የሚጮኸው፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ጎሉ ከገባ ከብዙ ሰከንድ በኋላ ነው፤ ተጫዋቹ ማሊያውን እያወለቀ እያለ። የምትይዙት ሰዓት የከፍታው መጀመሪያ፣ ማለትም ቁጥሩ ወሰኑን ያለፈበት ቅፅበት ይሁን። ከዚያ 12 ሰከንድ ወደ ኋላ ሂዱ። በእግር ኳስ ኳሱ ከየት እንደተነሳ ለማየት ይህን ያህል ያስፈልጋል፣ በቅርጫት ኳስ ግማሹ ይበቃል። ቁራጩ ሲጀምር ኳሷ ሳጥን ውስጥ ከሆነች ገና ትንሽ ወደ ኋላ ሂዱ።

ካሜራው ራሱ ድምፁን ሲያስተካክል

ይህ ከመቅረፅ በፊት የሚሠራ ስህተት ነው፤ ስለዚህም በጣም ያሳዝነኛል። ብዙ ካሜራና ስልክ ድምፅ ሲበዛ በራሱ ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል። ጎል ሲገባ ደጋፊው ሲነሳ ማሽኑ ድምፁን ይጫነዋል፣ እናንተ የምትፈልጉት ልዩነት እዚያው ይጠፋል። እንዲህ መሆኑን የምታውቁበት ምልክት አለ፦ ጩኸቱ ካለፈ በኋላ የአካባቢው ድምፅ ከቀድሞው በታች ወርዶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ እንደሚተነፍስ ነገር። ካሜራችሁ ከፈቀደ በእጅ አስተካክሉት፤ ትልቁ ጩኸት ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉ። አንዴ ከተቀረፀ ግን `S`ን ትታችሁ በ`M` ፈልጉ። ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ያለችው አጭር ዝላይ እዚያ ላይ ልትታይ ትችላለች። ያ የመተንፈስ ምልክት ራሱም ትልቅ ጩኸት እንደነበረ ይነግራችኋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ እኔ ራሴ ለሁለት ወር ስሠራው የነበረ ስህተት አለ፦ ድምፁን መጀመሪያ በ`loudnorm` አስተካክሎ ከዚያ መለካት። ድምፅን የሚያስተካክል ነገር ሁሉ ከምርመራው በኋላ ይምጣ።

የእረፍት ሰዓቱንና ከጨዋታ በፊት ያለውን ከመለካታችሁ በፊት ቆርጣችሁ ጣሉት። የኮሜንታተሩ ድምፅ በተለየ ትራክ ካለ ደጋፊውን ብቻ ለኩ፤ `0:a:0` የመጀመሪያው ትራክ ነው፣ ደጋፊው ሁለተኛው ላይ ካለ `0:a:1` በሉት።

ዝምታን አለመፈለግ

የልጁ ሦስተኛ ጎል አሁንም አልተገኘም ነበር። በ81ኛው ደቂቃ ያገባው እንግዳው ቡድን ነው። ከዳር ያሉት ጥቂት ደጋፊዎቹ ጮኹ፣ ካሜራው ግን ከእነሱ ተቃራኒ ነው የቆመው። የባለሜዳው ደጋፊ ዘፈኑን በአንዴ አቆመ። ከበሮው ቆመ። ቁጥሩ ከ-26 ወደ -35 ወረደና ግማሽ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆየ። በድምፁ ግራፍ ላይ ከማንኛውም ጩኸት በላይ ጎልቶ የሚታየው ይህ ጉድጓድ ነው፣ ግን ሁላችንም ወደ ላይ የወጣውን ብቻ ስለምንፈልግ አናየውም።

ስለዚህ ያንኑ ስሌት ገልብጣችሁ ድገሙት፦ ከአካባቢው 6 ዴሲቤል በታች ወርዶ ከ5 ሰከንድ በላይ የቆየውን አውጡ። ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅም ሜዳው ዝም ስለሚል እሱም አብሮ ይወጣል፣ በዓይን ትለዩታላችሁ። ከዚያ የጎሎቹን ብዛት ከጨዋታው ውጤት ጋር አመሳክሩ። ልጁ ይህን ሲያደርግ ዘጠኝ ቁራጭ ወጣለት፤ ሦስቱ ጎሎች፣ አራት የተሳቱ ሙከራዎች፣ አንድ ቀይ ካርድ እና አንድ ጉዳት።